ባለ ሁለት ክር ጣውላ፦ የክራር ቅኝትን በማስመሪያ የመለካት ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

የክራር አስተማሪዬ ሲቃኝ ሁለት ዓመት ሙሉ አይቻለሁ። ሁለት ክሮችን አብሮ ይመታል፣ ጆሮውን ወደ ቆዳው ያዘነብላል፣ መቃኛውን በጥቂቱ ያዞራል፣ እንደገና ይመታል። ከዚያ ፊቱ ይፈታና «ገባች» ይላል። የት እንደገባች ስጠይቀው መልሱ «ስማት እንጂ» ነው። ይህ ሥራ የተጀመረው በዚያች ቃል ምክንያት ነው። «ገባች» የምትባለው ነጥብ በማስመሪያ ትለካ እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ።

ጣውላው 80 ሳንቲሜትር የሚረዝም ደረቅ ጽድ ነው። በላዩ ላይ ሁለት ቋሚ ድልድዮችን በ60 ሳንቲሜትር ርቀት አጣበቅሁ። 60ን የመረጥኩት ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5 እና ለ6 ያለ ቀሪ ስለሚካፈል ነው። ከተሰበረ ጊታር የፈታኋቸውን ሁለት መወጠሪያዎች በአንደኛው ጫፍ ሰካሁና ሁለት ተመሳሳይ የብረት ክሮችን፣ የጊታር ሁለተኛ ክር የሚባሉትን፣ ጎን ለጎን ወጠርኩ። ክሩ አንድ ብቻ ቢሆን ሁለት ድምፆችን አብሮ መስማት አይቻልም ነበር። አሁን አንደኛው ክር ሳይነካ መነሻ ሆኖ ይቆያል፤ ሁለተኛውን ከሥሩ ተንቀሳቃሽ ድልድይ እያስገባሁ አሳጥረዋለሁ።

ሁለቱንም በስልኬ መቃኛ በሰከንድ 220 ንዝረት ላይ አደረስኩ። ስልኩ ሁለቱንም እኩል ናቸው ቢልም አብሬ ስመታቸው ድምፁ ቀስ ብሎ ሲያብጥና ሲሟሽሽ ሰማሁ፤ በሁለት ሰከንድ አንድ ጊዜ። ይህ ርግብግቢት የሁለቱ ክሮች ልዩነት ነው። አንዱ 220፣ ሌላው 220.5 ቢሆን ማዕበሎቻቸው በሁለት ሰከንድ አንድ ጊዜ ይገናኙና ይደጋገፋሉ፣ መልሰው ይለያዩና ይጠፋፋሉ። ልዩነቱ 3 ቢሆን በሰከንድ ሦስት ጊዜ ይርገበገቡ ነበር። መወጠሪያውን በጣም በጥቂቱ አዞርኩ። ማበጡ ዘገየ፣ ይበልጥ ዘገየ፣ ቆመ። ሁለቱ ክሮች እንደ አንድ ክር ሆኑ። ስልኩ ያላየውን ግማሽ ንዝረት ጆሮ ያዘው ማለት ነው፤ ከዛሬ በኋላ ስልኩን ለግምት ብቻ እጠቀምበታለሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ተንቀሳቃሹን ድልድይ 30 ሳንቲሜትር ላይ፣ ልክ በእኩሌታው ላይ አደረግሁ። ክር በግማሽ ሲያጥር ንዝረቱ እጥፍ ስለሚሆን 440 መምጣት አለበት። ድምፁ ያው ራሱ ነው፣ ግን ቀጭን። አባትና ልጅ አንድ መዝሙር አብረው ሲያዜሙ እንደሚሆነው። ሙዚቀኞች ይህን ርቀት ኦክታቭ ይሉታል።

ቀጥሎ 40 ሳንቲሜትር፤ የክሩ ሁለት ሦስተኛ። ስሌቱ 330 ይላል፣ ማለትም የመነሻው አንድ ተኩል እጥፍ። ይህ ከዶ እስከ ሶል ያለው ርቀት ነው፤ ክራር የሚቃኝ ሰው ሁሉ አምስተኛ ብሎ ባይጠራውም ያውቀዋል። አብሬ መታሁ። አልገባችም! በፍጥነት ተርገበገበች፤ በሰከንድ ስድስት ጊዜ ያህል ቆጠርኩ። ማስመሪያውን ደግሜ ለካሁ፣ 40 ነው። ስልኩን አየሁ፣ 333 ይላል።

ሦስቱ ንዝረት ከየት መጣ? ግማሽ ቀን ከፈጀብኝ በኋላ ጥፋቱን ከድልድዩ ቁመት አገኘሁት። ተንቀሳቃሹ ድልድይ ከክሩ መስመር 3 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ይላል። ክሩን ወደ ላይ ሲገፋው ይወጥረዋል፣ የተወጠረ ክር ድምፅ ደግሞ ይቀጥናል። ስለዚህ ክሩን በርዝመት ብቻ አሳጠርኩ ብዬ ሳስብ ውጥረቱንም እየለወጥኩ ነበር። እንዲህ ዓይነት ጣውላ የሚሠራ ሰው ቅድሚያ የሚፈትሸው ይህን ይሁን። ድልድዩን በሞረድ 2 ሚሊሜትር ዝቅ አደረግሁት፤ አሁን ክሩን ነካ ብቻ ያደርገዋል። 330.5 መጣ፣ ርግብግቢቱም በሰከንድ አንድ ጊዜ ሆነ። ድልድዩን ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ወደ ኋላ ስስበው ጸጥ አለ። ያን ጊዜ «ገባች» ስል ራሴን ሰማሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

አንድ ነገር አላስተኛኝም። 220 እና 333 ልዩነታቸው 113 ነው። ታዲያ በሰከንድ ስድስት ጊዜ የተርገበገበው ምንድን ነው?

መልሱ ክሩ ውስጥ ነው። ክር ሲመታ እንደ አንድ ቀስት ብቻ አይወዛወዝም። በዚያው ቅጽበት ለሁለት ተከፍሎ፣ ለሦስት ተከፍሎ፣ ለአራት ተከፍሎም ይወዛወዛል፤ እያንዳንዱ ክፍልፋይ የራሱን ድምፅ ይሰጣል። ይህን ማመን ያቃተው ሰው ክሩን በጣቱ ጫፍ ሳይጫን 20 ሳንቲሜትር ላይ ይንካና ይምታው። ዋናው ድምፅ ይጠፋል፤ ቀደም ብሎ እዚያው የነበረ ነገር ግን የተሸፈነ ቀጭን ድምፅ፣ 660፣ ብቻውን ይቀራል። 12 ሳንቲሜትር ላይ ከነካ 1100 ይሰማል። ስለዚህ የ220 ክር የሚያወጣው 220፣ 440፣ 660፣ 880፣ 1100 እያለ የሚሄድ ሙሉ ቤተሰብ ነው። እነዚህን የውስጥ ድምፆች እላቸዋለሁ።

አሁን ስሌቱ ቀላል ነው። የመነሻው ክር ሦስተኛ የውስጥ ድምፅ 660 ነው። የአጠረው ክር 330 ቢሆን ኖሮ ሁለተኛ የውስጥ ድምፁ 660 ይሆናል፤ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ይገጥማሉ። 333 በነበረ ጊዜ ግን ሁለተኛው 666 ነበር። 666 ሲቀነስ 660፣ ስድስት። እሑድ የቆጠርኩት ስድስት ይኸው ነው።

አስተማሪዬ ጆሮውን ወደ ቆዳው ሲያዘነብል የሚያዳምጠው ዋናዎቹን ሁለት ድምፆች አይደለም። ከላይ፣ በቀጭኑ በኩል፣ የሚጋጩት የውስጥ ድምፆች ጸጥ እስኪሉ ነው የሚጠብቀው። ጀርመናዊው ሄርማን ሄልምሆልትዝ በ1863 ያሳተመው ስለ ድምፅ የተጻፈ ትልቅ ሥራ ዋና ሐሳብም ይህ ነው፦ ሁለት ድምፆች የሚስማሙት የውስጥ ድምፆቻቸው ሲገጣጠሙ፣ የሚጋጩት ደግሞ የውስጥ ድምፆቻቸው ተጠጋግተው ሳይገጥሙ ሲቀሩ ነው። ለዚህም ነው ጥሩዎቹ ርቀቶች በትናንሽ ቁጥሮች የሚገለጹት። 2 ለ1 እና 3 ለ2 የውስጥ ድምፆቻቸው ቶሎ ቶሎ ይገናኛሉ፤ 45 ለ32 የሆነ ርቀት ግን እስኪገናኝ ድረስ ድምፁ ራሱ ደክሞ ያልቃል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ሐሳቡን ለመፈተን ተቃራኒውን ሞከርኩ። የውስጥ ድምፅ ባይኖርስ? ኮምፒውተር ምንም የውስጥ ድምፅ የሌለው ንጹሕ ድምፅ ማውጣት ይችላል። 220 እና 333ን ባንድ ማጉያ አብሬ አሰማሁ። ያ በሰከንድ ስድስት ጊዜ የነበረው መርገብገብ የለም ማለት ይቻላል። ትክክለኛውን 330 ሳደርገውም ብዙም ለውጥ አልሰማሁም። አምስተኛው ርቀት የነበረው ያ ልዩ መቀመጫ ጠፍቷል። እንዲህ ዓይነት ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ክራር ቢኖር አስተማሪዬ መቃኘት ይቸግረው ነበር።

ከዚያ አንዱን 220 ላይ አቁሜ ሌላውን ከ220 ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ ወሰድኩት። እስከ 230 አካባቢ ድረስ የምሰማው እየፈጠነ የሚሄድ ርግብግቢት ነው፤ መቁጠር ይቻላል። ከዚያ በኋላ መቁጠር አይቻልም፤ ድምፁ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ሻካራ ይሆናል። 240 እና 250 መካከል በጣም ይከፋል። ወደ 300 ሲጠጋ ግን ሸካራነቱ ይለቃል፤ ሁለት የተለያዩ ሰላማዊ ድምፆች ይሆናሉ። ፕሎምፕና ሌቨልት የሚባሉ ሁለት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ1965 ይህንኑ በብዙ አድማጮች ላይ ለክተዋል። ምክንያቱ የውስጠኛው ጆሮ አሠራር ነው። በጣም የተጠጋጉ ድምፆች እዚያ ውስጥ አንድን ቦታ አብረው ስለሚያንቀሳቅሱ ጆሮ ለይቶ ሊሰማቸው አይችልም፣ አንድ አድርጎም ሊይዛቸው አይችልም።

እዚህ ላይ በገናን አስታወስኩ። በበገና ላይ በክሩና በብርኩማው መካከል ቁራጭ ጠፍር ትገባለች፤ ክሩ እየነካካት ያ የታወቀ የሚያንዘርር ድምፅ ይወጣል። ያ ሸካራነት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሰው ለጸሎት የሚመርጠውም እሱኑ ነው። ሻካራ ማለት መጥፎ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፤ ይህን እያሰብኩ ነው የምቀጥለው።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ዛሬ ትዝታን ሠራሁ። የተጠቀምኩበት ርቀት አንድ ብቻ ነው፤ 3 ለ2 የሆነው አምስተኛ። አስተማሪዬም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ከአንዱ ክር ወደ ሌላው በአምስተኛ እየዘለለ።

ዶ 220 ናት። ከእሷ አንድ ተኩል እጥፍ ሶል፣ 330። ከሶል አንድ ተኩል እጥፍ 495 ይመጣል፤ ይህ ከኦክታቩ በላይ ስለሆነ በግማሽ አወርደዋለሁ፣ ሬ 247.5 ሆነች። ከሬ ደግሞ ላ፣ 371 ከሩብ። ከላ ሚ፤ እሷንም በግማሽ ሳወርዳት 278.4። እነዚህን በከፍታቸው ብደረድር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ይሆናሉ። ጣውላው ላይ 60፣ 53.3፣ 47.4፣ 40 እና 35.6 ሳንቲሜትር ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። ድልድዩን ከምልክት ወደ ምልክት እያንሸራተትኩ ስመታ ትዝታ ሙሉው ወጣ። አራት ዝላይ፣ አምስት ድምፅ፤ ሌላ ምንም አልጨመርኩበትም። በዚያች ሰዓት በእርግጥ ደስ አለኝ።

ለምን አምስት ላይ ቆመ? አንድ ዝላይ ብጨምር 417.7 ይመጣል፣ ሲ። ከላይኛዋ ዶ፣ ከ440፣ ጋር ግማሽ ድምፅ የሚባለው ጠባብ ርቀት ብቻ አላት፤ ቅዳሜ እንደ ወፍጮ ወደጮኸው ሰፈር የምትጠጋ የመጀመሪያዋ እሷ ናት። እስከ አምስተኛዋ ድረስ ግን ከሙሉ ድምፅ፣ ከዶ እስከ ሬ ካለው፣ የሚጠብ ርቀት የለም። ይህ ለክራር ትልቅ ነገር ነው። የክራር ተጫዋች ሁሉንም ክሮች ባንድ ጊዜ እየገረፈ የማይፈልጋቸውን በግራ እጁ ጣቶች ያፍናል። ጣቱ ቢዘገይና ያልታፈነ ክር ቢያመልጠው በትዝታ ቅኝት ውስጥ ያመለጠው ድምፅ ጎረቤቱን አይወጋም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ትዝታው ግን አንድ ጉድለት አለው፤ ሚ ናት። ሚን ከዶ ጋር አብሬ ስመታ ሻካራ ናት። የዶ አምስተኛ የውስጥ ድምፅ 1100፣ የሚ አራተኛ 1113 ከሦስት ሩብ። በሰከንድ ወደ 14 ይጋጫሉ።

ሚን ወደ 275 ባወርዳት፣ ድልድዩን ከ47.4 ወደ 48 ሳንቲሜትር ብገፋው፣ አራት ጊዜ 275 ልክ 1100 ይሆናል። ሞከርኩት። ከስድስት ሚሊሜትር በሚያንስ እንቅስቃሴ ሻካራው ለስልሶ ዘይት ሆነ። አሁን ርቀቱ 5 ለ4 ነው።

ግን ሚ የዶ ብቻ አይደለችም። ያመጣኋት ከላ ነው፣ በአምስተኛ፤ ሁለቱን አብሬ ለመምታት ከመነሻው ክር ሥርም ሌላ ድልድይ አስገባሁ። አሁን ዝቅ ስትል ከላ ጋር የነበራት ስምምነት ፈረሰ፤ ያው 14 ገደማ ግጭት ወደዚያ ተዛወረ። ላን አብሬ ወደ 366.7 ባወርዳት ከሚ ጋር ትታረቃለች፣ ነገር ግን ከሬ ጋር ትጣላለች። ጠባብ ብርድ ልብስ ነው፤ ራስ ሲሸፈን እግር ይወጣል። አንድ ሙሉ ምሽት ግጭቱን ከአንዱ ጥንድ ወደ ሌላው ሳዛውር ቆየሁ፤ ማጥፋት አልቻልኩም። ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ የቁጥሮቹ ነው። አራት የ3 ለ2 ዝላዮች በምንም መንገድ ንጹሕ 5 ለ4 ላይ አያርፉም፤ 81ን ከ80 ጋር ያህል ይለያያሉ።

ፒያኖና ኪቦርድ ኦክታቩን በ12 እኩል ክፍል ቆርጠው ግጭቱን ለሁሉም ያካፍላሉ። እዚያ ላይ ሚ 277.2 ናት፤ ከዶ ጋር በሰከንድ ወደ 9 ትጋጫለች። ከኪቦርድ ጋር ያደገ ጆሮ ይህን ስለለመደ ንጹሑን 275 ሲሰማ ሚ የወረደች ይመስለዋል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

ወደ አንቺ ሆዬ ገባሁ። ለዚህ ቅኝት ነበር ጣውላውን ስሠራ የጓጓሁት። ዶን መነሻ ካደረግን ድምፆቹ ዶ፣ ዝቅ ያለችው ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለችው ሶል እና ላ ናቸው። መጀመሪያ የሚታየው ነገር ሶል አለመኖሯ ነው። በትዝታ ውስጥ ዶ የምትደገፍበት ያ ጸጥ ያለ አምስተኛ እዚህ የለም። በቦታው ያለው ወደ ታች የወረደ ድምፅ ነው፤ ከዶ ጋር 64 ለ45 ያህል የሚሆን፣ የውስጥ ድምፆቹ የማይገናኙ ርቀት።

ታዲያ ለምን አይፈርስም? ጥንዶቹን አንድ በአንድ መታኋቸው። ፋ ከላይኛዋ ዶ ጋር ንጹሕ አምስተኛ ነው። ዝቅ ያለችው ሶል ከዝቅተኛዋ ሬ ኦክታቭ ጋርም ንጹሕ አምስተኛ ነው። ሁለት ጸጥ ያሉ ጥንዶች አሉ፣ አንዱ ከሌላው በግማሽ ድምፅ ብቻ ከፍ ብሎ የቆመ። እያንዳንዱ ጥንድ በራሱ ቤት ሰላም ነው፤ አንድ ላይ ሲመቱ ግን ይፋጫሉ። ዜማው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሻገር የሚሰማን ያ መሳሳብ ከዚህ ይመስለኛል።

ከዚያ ላ መጣች፣ ሥራዬንም አቆመች። ዝቅ ያለችው ሬ፣ ፋ እና ላ እርስ በርሳቸው እኩል ርቀት ላይ ያሉ ሦስት ድምፆች ናቸው፤ እያንዳንዱ ርቀት እንደ ዶና ሚ፣ 5 ለ4 መሆን የሚፈልግ። ከሬ ወደ ፋ አንድ፣ ከፋ ወደ ላ ሁለት፣ ከላ ወደ ላይኛዋ ሬ ሦስት። ሦስት ጊዜ 5 ለ4 ግን ኦክታቭ አይሞላም፤ 125 ለ64 ነው፣ ለመሙላት 128 ያስፈልግ ነበር። ፋን 293.3፣ ላን 366.7፣ ሬን 234.7 አድርጌ ሁለቱን ርቀቶች ንጹሕ ሳደርግ ጉድለቱ በሙሉ በሦስተኛው ላይ ወደቀ። እዚያ ላይ የውስጥ ድምፆቹ በሰከንድ 44 ጊዜ ይጋጫሉ፤ መርገብገብነቱ ቀርቶ ጩኸት ሆነ። አንቺ ሆዬን ሙሉ በሙሉ ንጹሕ አድርጎ የሚቃኝ ሰው ሊኖር አይችልም።

ስለዚህ ቅኝቱን የሚወደው ጆሮ የሚወደው ልስላሴን ብቻ አይደለም። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ይህን ያጠናክርልኛል። ቦሊቪያ ውስጥ፣ ከምዕራባውያን ሙዚቃ ብዙ ንክኪ የሌላቸው የቺማኔ ሕዝቦች የሚስማሙና የማይስማሙ ጥምረቶችን ሰምተው ሁለቱንም እኩል ደስ የሚሉ አድርገው መዝነዋል። ሻካራ ድምፅን ግን እንደማንም ሰው አልወደዱትም። ሸካራነቱን ጆሮ ይሰማዋል፣ እሱ የተፈጥሮ ነው፤ ከስምምነቱ የትኛው እንደሚጣፍጥ ግን ጆሮ ካደገበት ዜማ የሚማረው ይመስላል።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

አስተማሪዬ መጣ። ቡና እስኪፈላ ጣውላውን አገላብጦ አየው፣ ክሮቹን በጥፍሩ ሞከራቸው። ላን ሳይነግሩት እንዲያስቀምጣት ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ማስመሪያውን አይዩ፤ በጆሮዎ ብቻ።»

«እኔ መቼ ማስመሪያ አይቼ አውቃለሁ?»

ድልድዩን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ይዞ ከፋ ጋር መታት፣ ገፋት፣ ከሬ ጋር መታት፣ መለሳት። ከዚያ ጥንድ መምታቱን ትቶ ዜማውን ራሱን አንጎራጎረ፤ ድልድዩንም ድምፁን ተከትሎ አንቀሳቀሰው። እጁን ካነሣ በኋላ ለካሁ፦ 35 ሳንቲሜትር ከ8 ሚሊሜትር፣ ማለትም ወደ 369። እኔ ንጹሕ ካደረግኋት 366.7 ትንሽ ከፍ ያለች፣ ከኪቦርዱ 370 ትንሽ ዝቅ ያለች። ጉድለቱን ከፋ ጋር ካለው ርቀት ላይ በጥቂቱ ጭኖ በላይኛዋ ሬ ላይ ያለውን አቅልሎታል።

ቡናውን ጠጥተን እንደገና እንዲያስቀምጣት ጠየቅሁት። በዚህኛው ዜማውን ዘገየት አድርጎ አንጎራጎረ፣ ድልድዩም 35.9 ላይ ቆመ። በሦስተኛው ጊዜ 35.8። የሌሎቹን አራት ድምፆች ምልክት በመሮ ጣውላው ላይ ቀረጽኩ። የላን በእርሳስ ትቻታለሁ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ባቲን ስጀምር መልሼ እለካታለሁ።